ሁለት ደቂቃ ላለመናገር የሚረዱ ምክሮች

ለአይኤልትስ የንግግር ፈተና ሁለተኛ ክፍል ስትዘጋጅ ስለ ራስህ ሕይወት ማሰብ ተው። ሕይወትህ ቴሌግራም ላይ ተጽፎልሃል። «የረዳህን ሰው ግለጽ» ለሚለው ካርድ የተዘጋጀውን መልስ አውርድና እንደ ዳዊት ድገመው። ፈታኙ ጠዋት የሰማትን «የቤተሰባችን ምሰሶ እናቴ» ከሰዓት በኋላም ካንተ ሲሰማት ናፍቆቱ ይወጣለታል።

ካርዱ «ያላሰብከውን እርዳታ ያደረገልህ» ቢልም አትደንግጥ፤ እናትህን ቀጥል። መሀል ላይ አንድ ቃል ከጠፋህ ጣሪያውን እያየህ ከመጀመሪያው ጀምር። ቀጥሎ ፈታኙ ተራ ጥያቄ ሲጠይቅህ ያ ሁሉ የተዋበ እንግሊዝኛ ወዴት እንደሄደ እሱም ይገረማል።

ለዝግጅት የሚሰጥህን አንድ ደቂቃ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ጨርሰው። ደቂቃው ሲያልቅ አንድ ተኩል ዓረፍተ ነገር ይኖርሃል። እሱን አንብብና ዝም በል።

ኧረ በፈጠረህ! አራት ቃል ጻፍ፣ አራት ቃል! «ፈተና፣ መታወቂያ፣ ጎረቤት፣ ዝናብ»። የማትሪክ ፈተና ጠዋት መታወቂያህን ረስተህ ወጣህ፤ ጎረቤታችሁ እትዬ በዝናብ እየሮጡ በር ላይ አደረሱልህ። ቀኑ እንዴት እንደነበር፣ እሳቸው ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጉ፣ ዛሬም ለምን እንደማትረሳቸው ብትናገር በየቃሉ ሰላሳ ሰከንድ ሞላህ። የ«መታወቂያ» እንግሊዝኛው ቢጠፋህ «ፎቶዬ ያለበት ካርድ» በልና እለፍ፤ ይህን መቻል ራሱ በቃላት ችሎታ ይቆጠርልሃል። ከፍተኛውን ነጥብ የሚያገኝ ሰውም ቆም ይላል፤ የሚቆመው ግን ሐሳቡን ለማሰናዳት እንጂ ቃል ለመፈለግ አይደለም።

ወደ ምክሬ ልመለስ። በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «አክችዋሊ»፣ በየመጨረሻው «ዩ ኖው» አስገባ። እትዬም «ቬሪ ጉድ» ይሁኑ፣ ዝናቡም «ቬሪ ጉድ»፣ ፈተናውም «ቬሪ ጉድ»። ሐሳብ ሲያጥርህ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መልሰህ በለው፤ ፈታኙ ምናልባት አልሰማህ ይሆናል።

በአርባኛው ሰከንድ «ዛትስ ኦል» በልና እጅህን አጣጥፍ። ፈታኙ ትንሽ ጠብቆ እንድትቀጥል ሲገፋፋህ ፈገግ ብለህ እየው። ካርዱ ላይ ያለውን የመጨረሻውን «ለምን» የሚል ጥያቄ እንዳትነካው፤ ብዙ ወሬ ያለው እዚያ ስለሆነ ሳታስበው ሁለቱ ደቂቃ ሊሞላብህ ይችላል።

እንዳጋጣሚ ሞልቶብህ ፈታኙ መሀል ላይ ካስቆመህ ደግሞ ተቀየም። ሰዓቱ ስላለቀ ብቻ ነው ብለህ እንዳታስብ፤ ንቆኝ ነው በልና ሦስተኛውን ክፍል በኩርፊያ ጀምረው።