ሰላምታው አምሮ፣ አባሪው ቀርቶ

ኢሜይል ስጽፍ «ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ» የሚለውን አገላብጬ አነባለሁ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አያለሁ። «ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ዘሎት ያልፋል። ተያይዟል ብዬ ጽፌ የለ? በቃ፣ ተያይዟል!

ይህ ዐመሌ ገሃድ የወጣው ሮብ ገበያ ላይ የቁንጮ ጤፍ ዘር ስናከፋፍል ነው። ደብዳቤዬ የተረካቢዎችን ዝርዝር፣ የምዝገባ ቅጽ ሊንክና የርክክቡን ሰዓት እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ዝርዝሩን ሳላያይዝ ላክሁት። ጂሜይል «attached» ብሎ ፋይሉን የረሳን ሰው ቆም ብለህ አስብ ይለዋል፤ የእኔን «ተያይዟል» ግን ዝም ብሎ አሳለፈው። ይቅርታ ጠይቄ ደግሜ ስልከው ደግሞ የሄደው ያልታረመው ረቂቅ ሆነ፤ «የመጨረሻ» የሚል ስም የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ሊንኩ በእኔ ስልክ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ባለቤቱ እኔ ነኛ! ጉግል ድራይቭ ላይ የተቀመጠ ፋይል ባለቤቱ ካላጋራው ለሌላው ዝግ ነው። የፈቃድ ጥያቄ በኢሜይሌ ሲደረደር ሰው ለዘሩ ጓጉቷል ብዬ ደስ አለኝ።

ከሁሉ የባሰው መዝጊያዬ ነው፦ «እስከ ሮብ 3 ሰዓት አሳውቁን።» ምኑን? በየት በኩል? የትኛውን ሮብ? በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራው የአዲስ አበባ ባልደረባዬ 3 ሰዓትን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ተረዳው። የእሱ መልስ ሲመጣ ገበያው ተበትኗል፣ ገበሬውም ወደ ቀዬው ገብቷል።

በወረቀት ዘመን ከዚህ ሁሉ የሚያድነኝ መዝገብ ቤት ነበር። ከደብዳቤው ግርጌ «አባሪ፦ 3 ገጽ» ተብሎ ከተጻፈ፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ገጹን ሳትቆጥር ፖስታውን አታሽግም፤ ሁለት ገጽ ካገኘች ደብዳቤው ወደ እኔ ይመለሳል። ኢሜይል ሲመጣ እሷ ቀረች፣ ሥራዋን የሚወርስ ግን አልተሾመም።

አሁን ሥራዋን እኔው ልሠራ እየሞከርኩ ነው። ፋይሉን አስቀድሜ አያይዛለሁ፤ ከዚያ ስሙን አምኜ ሳልቀመጥ ከደብዳቤው ላይ ከፍቼ አየዋለሁ። ሊንኩን አካውንቴ ባልገባበት በሌላ ሰው ስልክ እሞክረዋለሁ። መዝጊያውም «ሮብ ሰኔ 11 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የተወካያችሁን ስም ቅጹ ላይ ሙሉ» ሆኗል። የተቀባዩን አድራሻ የምጽፈው ከሁሉ በኋላ ነው፤ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ እጄ ቢቸኩልም አይሄድም።

ጂሜይል የላኩትን ለመመለስ 5 ሰከንድ ይሰጣል፣ በማስተካከያው ወደ 30 ከፍ ማድረግም ይቻላል። እኔ 30 አድርጌዋለሁ። የረሳሁት ትዝ የሚለኝ ግን በ31ኛው ነው።