የጀርባ ዋጋ፦ በመቱ ገበያ የማር ክርክር ላይ የተደረገ ምርመራ

በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በያዮ ማር የሚሸምት ሰው ዋጋ በአፍ የሚቆረጥ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ግን ዋጋ የሚቆረጠው በጀርባ ነው። ቃላት በገበያ ትርጉማቸውን እንደማይጠብቁ ግልጽ ነው። «የመጨረሻውን ንገሪኝ» የሚባለው ገና መጀመሪያ ላይ ነው፤ የሚነገረው መጨረሻም ቢያንስ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሉት። «መግዣውንም አይመልስልኝ» የምትለው ሻጭ ማሩን ያመጣችው ከባሏ ቀፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቃሉ ይልቅ ድምፁን፣ ከድምፁም ይልቅ ዝምታውን መመርመር ይበጃል።

ለስሌት ያህል ሻጯ ኪሎውን 600 ብር ትበል። ጀማሪ ገዢ ወዲያው «400» ይላል፤ በዚህም መሐሉን፣ 500ን፣ ራሱ ጠቁሟል። የሠለጠነው ግን ማሩን ይቀምሳል፣ ሰፈፉን በጣቱ ገፋ ያደርጋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ሻጯ ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች፦ «ለአንተ 550 ይሁን፣ ልጄ።» አሁን ገዢው፣ ድምፁን የሐዘን ቤት ያህል ዝቅ አድርጎ፣ «400» ይላል፤ መሐሉ 475 ሆኗል። «ኧረ አያዋጣም!» ከተባለ ይዞራል። እስከ ሦስተኛው እርምጃ ካልተጠራ፣ 400 በእርግጥም አያዋጣትም ማለት ነው። «ና እስቲ! 480 ውሰድ» የሚለው ጥሪ ከመጣ ግን፣ ያ ከተነገሩት መጨረሻዎች ሁሉ ለእውነት የቀረበው ነው።

«ዋጋ ቁርጥ የሆነባቸው ሱቆችስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እዚያ የሚቆረጠው ቁጥሩ እንጂ መጠኑ አይደለም። ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ይላል፤ ሚዛኑ ከተስተካከለ ወዲያ የምትጨመረው አንዲት ጭልፋ ክርክሩ ከብር ወደ ማር መዛወሩን ታስረዳለች። «ቀኑ ሲመሽ ሁሉም ይረክሳል» የሚሉም አሉ። ይህ ለጎመን ይሠራል፤ ማር ግን አይበላሽም። ሻጯን የሚያስቸኩላት የቤቷ ርቀት ብቻ ነው።

ንድፈ ሐሳቡን በእውነት የሚፈታተነው ዝናብ ነው። ኢሉባቦር ከኢትዮጵያ እጅግ ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ዝናቡም በወራት ብዛት የታወቀ ነው። ዶፍ ሲወርድ ገዢው ቢዞርም ከቆርቆሮው ጥግ አያልፍም። ሻጯም ይህን አይታ አትጠራውም፤ ማሩን ሸፍና ጭውውቷን ትቀጥላለች። መሄድ የማይችል ሰው ጀርባው ዋጋ የለውም። ይህ መላምቱን አያፈርሰውም፣ ያጸናዋል እንጂ፦ ዋጋ የሚቀንሰው ለሚሄድ ሳይሆን መሄድ ለሚችል ነው።

ስለዚህ መቱ ላይ ማር ሊገዛ የሚወጣ ሰው፣ ከዕቃ መያዣው በፊት ዣንጥላውን ያንሣ።