አጭር እንኳን ደስ አለሽ፣ ከኩየራ

ከምሳ በኋላ ኩየራ ላይ ዝናቡ ወረደ፤ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። ከመጥፋቱ በፊት ግን አንዲት መልእክት ሾልካ ገብታ ነበር፦ የጓደኛዬ ድርጅት ያቀረበው የሲዳማ ጀንፈል ቡና የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ አሸናፊዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ።

ፌስቡክ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ልጽፍላት ተነሳሁ። ጽሑፉ ግን እየረዘመ ሄደ፤ ስለ ልጅነታችን፣ ስለ ተበደረችው ገንዘብ፣ ስለ ዋጋ። በ2020 እ.ኤ.አ. ውድድሩ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ በፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ስለተሸጠ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። የእሷ ጨረታ ግን ገና አልተካሄደም። እዚህ ላይ ስልኬ ድርግም አለ፤ የጻፍኩትም አብሮ ሄደ።

«ልጄ፣ ለኔትወርክ ብለሽ በዝናብ ትወጫለሽ?» አለችኝ አክስቴ። ወጣሁ። ኮሌጁ አጠገብ የቆመ ባጃጅ አግኝቼ ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ፣ ሾፌሩ ስልኬን በራሱ ቻርጀር ሰካልኝ። ጭቃው እየረጨን ምን ልበላት እያልኩ አሰብኩ። በዚህ ውድድር ቀማሾቹ ስኒው የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ከፊታቸው ያለው ቁጥር ብቻ ነው። መጀመሪያ የአገር ውስጥ፣ ቀጥሎ የውጭ ዳኞች ደጋግመው ይቀምሱና ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ። ሽልማቱም ለቀረበው ለዚያ አንድ ሎት እንጂ ለድርጅቱ ቡና ሁሉ አይደለም። ስለዚህ «የአገሪቱ ምርጥ ድርጅት» ብዬ መጻፍ አልፈለግሁም። የሎቱን ታሪክ ግን አውቀዋለሁ፤ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና አይቼዋለሁ። ጀንፈል ካልተገላበጠ ይሻግታል፤ የቀትር ፀሐይ ከበዛበት አለቅጥ ፈጥኖ ይደርቃል፤ አረንጓዴ ፍሬ ከገባበት ጣዕሙ ይከረክራል። ያ እንዳይሆን የሚጠብቁት ቀኑን ሙሉ አልጋው ዙሪያ የሚውሉ ሴቶች ናቸው።

ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ኔትወርክ መጣ። እንዲህ ጻፍኩ፦

«እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ዳኞቹ የቀመሱት ቁጥር የተለጠፈበት ናሙና ነበር፤ እኔ ግን ከጀርባው ያሉትን እጆች አውቃቸዋለሁ። ቀዩን እሸት ለይተው ለለቀሙት፣ ቀን ሲያገላብጡ ማታ ሲሸፍኑ ለከረሙት ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህ ሎት የእናንተ ነው።»

ማታ ደወለችልኝ። ጽሑፉን አልጋው ዳር ለነበሩት ሴቶች በሲዳምኛ ተርጉማ አንብባላቸው፣ አንዷ ድጋሚ አንብቢልኝ ብላታለች። ስለ ዋጋ ማንም አልጠየቀም፤ እኛ ሁለታችን ግን ጨረታው መቼ እንደሆነ ስናወራ አመሸን።