የአኮ ጉልበት

ያዮ ውስጥ የአኮን ጉልበት ሕመም ያልሰማ የለም። ቡና ለቀማ ሲደርስ ይቆለፋል፣ ለቅሶ ቤት ሲጠሩ ያብጣል። ሚኒያፖሊስ ያለችው ልጃቸውም በየወሩ ለመድኃኒት የምትልከው ለዚሁ ጉልበት ነው። ቅዳሜ ማታ ሠርግ ላይ ግን ከበሮው ሲመታ ጉልበቱ ባለቤቱን ሳያማክር ተነሣ። የልጅ ልጃቸው ቀረጸና የቤተሰቡ ዋትስአፕ ላይ ለቀቀው።

ሰኞ ጠዋት ወሬው ደረሳቸው።

«አንተ ልጅ፣ አጥፋልኝ!»

«አኮ፣ አምሮብሽ እኮ ነው።»

«ማማሩ ነው ጣጣው!»

ልጁ ቪዲዮውን ተጭኖ ያዘና ከሁሉም ሰው ስልክ እንዲሰረዝ አዘዘ። ደግነቱ ጊዜው አላለፈም፤ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ካለፈው ከራሱ ስልክ እንጂ ከሌላው አይጠፋለትም ነበር። ክፋቱ ግን ዋትስአፕ በዝምታ አይሰርዝም፤ መልእክት መሰረዙን እዚያው ቦታ ላይ ያውጃል። ቪዲዮውን ሳይከፍት ያለፈው ዘመድ ሁሉ «ምን ነበር?» እያለ ተንጫጫ። ጋለሪው ውስጥ ቀድሞ ያስቀመጠው ደግሞ መልስ አላጣም።

ከሚኒያፖሊስ ተደወለ።

«እማዬ፣ የተሰረዘው ምንድን ነው?»

«የጉልበቴ ራጅ ነው፣ ልጄ።»

«አይቼዋለሁ። ትከሻሽም ደኅና ነው።»