አጽናኝ አያሳጣን

አንድ ሰው ከሥራ ተቀነሰ ሲባል የእኛን አገር ሰው ደግነት ማየት ነው። ወሬው ጠዋት ከተሰማ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የተቀናሹ ስልክ አያርፍም፤ በሰንበቱ ደግሞ ቤቱ ይሞላል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ይዘን ሥራ አጥነት እስካሁን እንዴት እንዳልጠፋ ግራ ይገባኛል።

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እንበል። 80 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቷል፤ ደመወዙ 12,000 ብር ነው። ገበያው ቀዘቀዘና ድርጅቱ 12 ሰዎች ለመቀነስ ወሰነ፤ እሱም ከ12ቱ አንዱ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት አጽናኞቹ መጡ። ባለቤቱ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ አቀረበች፤ ስኳር ስላለቀባት ልጇን ሱቅ ላከች፣ ባለሱቁም በዱቤ ሰጠ። ባዶ እጃቸውን መጡ እንዳይባል፣ አንዱ ሙዝ ይዟል።

ከዚያ ማጽናናቱ ተጀመረ። «ለበጎ ነው» አለ የመጀመሪያው፤ ለእሱ የደረሰውን በጎ ነገር፣ ማለትም የወሩን ደመወዝ፣ ትናንት ነው ከባንክ ያወጣው። ሁለተኛው፣ «አንተማ ለዚያ ቤት አትመጥንም ነበር» ብሎ አራት ዓመት ሙሉ ደብቆት የኖረውን አድናቆት አወጣ። ሦስተኛው ከሥራ ተባሮ ዛሬ የፋብሪካ ባለቤት ስለሆነው የአክስቱ ልጅ ተረከ። ከመባረሩ እስከ ፋብሪካው ድረስ በመሀል ምን እንደተደረገ ግን አልነገረንም፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ስለነበር ይሆናል።

አራተኛው ግን የሁሉም አለቃ ነው። ስኒውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲቪህን ላክልኝ» አለ። ይህች ቃል ከተነገረች በኋላ ተናጋሪው ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል፤ ኳሱ ወደ ሥራ አጡ ዞሯል። ምስኪኑ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተር ቤት ሄዶ፣ ከፍሎ አስጽፎ ይልካል። «ደርሶኛል» የሚል መልስም ይመጣለታል። በቃ። በሳምንቱ ቢደውል «እያየሁልህ ነው» ይባላል፤ ምኑን እንደሚያይለት እግዜር ይወቀው። በወሩ ሲገናኙ ደግሞ አጽናኙ ቀድሞ፣ «ምነው ጠፋህ?» ይለዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደብዳቤው ቡፌው ላይ ተቀምጧል። ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ የቅነሳው ማስታወቂያ ነው። ሌላው ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉ «ለወደፊቱ ስምህ እንዳይበላሽ» ብሎ በደግነት አዘጋጅቶ የሰጠው፣ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» የሚል፣ ፊርማ ብቻ የጎደለው ወረቀት ነው። ከአጽናኞቹ መካከል «እስቲ ደብዳቤውን አሳየኝ» ያለ አንድም ሰው የለም። ነውር ነዋ! የሰው ቁስል መነካካት ይሆናል። አንዱማ «አትጣላቸው፣ ፈርምላቸውና በሰላም ውጣ» ሲል ሁሉም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

የዚያ ራስ መነቅነቅ ዋጋ ስንት እንደሆነ እናስላ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ። ለእኛ ሰው ይህ 12,000 ሲደመር ሦስት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ቅነሳ በመሆኑ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል፤ ሌላ 24,000። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡት ካስወጡት ደግሞ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝ፣ እሱም 24,000 ነው። ግብር ሳይቀነስ 72,000 ብር መሆኑ ነው፤ ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለው እሱም ተሰልቶ ይከፈለዋል።

«በገዛ ፈቃዴ» ብሎ ከፈረመስ? በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት። የእኛ ሰው አራት ነው ያለው። ስለዚህ 24,000ው ይቀራል፣ የቅነሳው 24,000ም ይቀራል፣ የማስጠንቀቂያውም ይቀራል። የሚተርፈው ያልወሰደው ፈቃድ፣ መልካም ስሙና አንድ እጅ ሙዝ ነው። እንግዲህ «በሰላም ውጣ» ያለው ወዳጅ ከአፉ ምን ያህል ብር እንዳወጣ አስቡት። እንዲህ ያለ ለጋስ ከየት ይገኛል?

ሌላም የማይጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ቀኑ። ቅነሳው ሕግን የጣሰ ነው ብሎ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚፈልግ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት፤ ክፍያ የሚጠይቅ ደግሞ ሥራው በተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ የሚያስፈልገው ቀን የሚቆጥር ሰው ነው። የእኛ አጽናኝ ግን የሚያውቀው ቀጠሮ አንድ ብቻ ነው፤ «ጊዜ ሁሉን ይፈታል»። እውነቱን ነው፤ ስድስት ወር ካለፈ ነገሩ ለድርጅቱ ፍጹም ተፈትቷል።

ይኸው ሰው እንደምንም ብሎ ሌላ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ እንበል። ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ነውና ዋስ አምጣ ይባላል፤ ዋሱ ደመወዝተኛ መሆኑን ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አስጽፎ፣ መታወቂያውን ይዞ መጥቶ የሚፈርም መሆን አለበት። የዛን ዕለት የአጽናኞቹን ሁኔታ ብታዩ! ቅዳሜ ዕለት ሶፋው ያልበቃቸው ሰዎች ሁሉ መስክ ወጥተዋል። አንዱ ለወንድሙ ዋስ ሆኗል፣ ሌላው ባለቤቱን ማማከር አለበት (ፋብሪካ ያለው የአክስት ልጅ እንኳ ስልኩ አይሠራም)። «ሲቪህን ላክልኝ» ባዩ ደግሞ፣ «እኔ በመርህ ዋስ አልሆንም» ይላል። መርህ እንዳለው ያወቅነው ገና ዛሬ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ዋስ ሆኖ ቤቱ የተናጋ ሰው አለ። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ልጓም አበጅቷል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ «እስከ 50,000 ብር ድረስ ዋስ ነኝ» ብሎ መፈረም ይቻላል፤ መጠኑን የሚቆርጠው ፈራሚው ነው። 50,000 ከበዛበት «እስከ 20,000 ነው የምችለው» ብሎ ለወዳጁ ይንገረው፤ ወዳጁም ቀሪውን የሚሸፍን ሁለተኛ ዋስ ይፈልጋል። እሱም የማይሆን ከሆነና ሁለቱ አንድ ዕቁብ ውስጥ ካሉ፣ አጽናኙ የራሱ ዕጣ ሲወጣ ተራውን ለወዳጁ እንዲሰጡለት ለዕቁቡ ዳኛ መንገር ይችላል። ይህ ከኪሱ አንድ ብር አያስወጣውም፤ ገንዘቡን ለጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ መቀበል ብቻ ነው። ግን ይህ ሁሉ አሰልቺ ነገር ነው፤ እንደ «አይዞህ» አፍ ላይ አይጥምም፣ ቡናም አይፈላበትም።

ስለዚህ ሰሞኑን ወዳጁ ከሥራ የተቀነሰበት አንባቢ፣ ሊጠይቀው ከመሄዱ በፊት ዛሬውኑ ይደውልለትና ሁለት ነገር ይጠይቀው፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ስንት እንደሆነና ምን እንዲፈርም እንደተሰጠው። ገና ካልፈረመ፣ ወረቀቱን አብረው ሳያነቡት እንዳይፈርም ይንገረው።