300 ዲፒአይን ለሚወዱ ሁሉ

ለተከበረው የጉርድ ፎቶ መመርመሪያ መስኮት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአንድ ፊት ላይ ሦስት ትእዛዝ ስለመውረዱ

እኔ ከመሥሪያ ቤታችሁ ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ስሜን ባታውቁትም ሥራዬን ታውቁታላችሁ፤ በየቀኑ ትመልሱታላችሁና። ስለዚህ ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። አንድን ሰው አንድ ጊዜ አንስቶ ከመሸኘት ሦስት ጊዜ ማንሳት የተሻለ እንደሚያተርፍ የተማርኩት ከእናንተ ነው። የቤት ኪራዬን ግማሽ የምትከፍሉልኝ እናንተ ናችሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ፊት ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። ፊታቸው ምንም እንዳላጠፋ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለእናንተ በጽሑፍ ልንገራችሁ ብዬ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

በቅጻችሁ አራተኛው ተራ ላይ እንዲህ ይላል፦ ፎቶው 3 በ4 ሴንቲሜትር፣ 300 በ400 ፒክስል፣ 300 ዲፒአይ ይሁን። ሲነበብ ያምራል። ቁጥሮቹ ክብ ክብ ናቸው፤ ማህተም ሲያርፍባቸው ደግሞ ይበልጥ ያምራሉ። ችግሩ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘት አለመቻላቸው ነው።

ነገሩን በታክሲ ሰልፍ ላስረዳ፤ በዚህ ከተማ ሰልፍ የማያውቅ የለም። ፒክስል የተሰለፈው ሰው ብዛት ነው። ዲፒአይ ሰዉ ምን ያህል ተጠጋግቶ እንደቆመ ነው፤ ማለትም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደተደረደረ። ሴንቲሜትር ደግሞ ሰልፉ ከታክሲው እስከ መጨረሻው ሰው የያዘው ርዝመት ነው። ሦስት መቶ ሰው ተሰልፎ በየሜትሩ ሦስት ሦስት ሆኖ ከቆመ፣ ሰልፉ መቶ ሜትር ይሆናል። ተራ አስከባሪው መጥቶ «ሰዉ ሦስት መቶ ይሁን፣ በሜትር ሦስት ይቁም፣ ሰልፉ ግን 118 ሜትር ይድረስ» ቢል፣ ሰልፈኛው እርስ በርሱ ይተያያል። እኔም ቅጻችሁን ያነበብኩ ቀን ግድግዳዬን ነው ያየሁት።

ስሌቱ ይህን ያህል ነው፦

```
ፒክስል = ሴንቲሜትር ÷ 2.54 × ዲፒአይ
```

2.54 የገባው አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ስለሆነ ነው። እኛ የምንለካው በሴንቲሜትር፣ ዲፒአይ የሚቆጥረው ግን በኢንች ነው፤ የነገሩ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። አሁን የእናንተን ትእዛዝ እናስላ። 300 ፒክስል በ300 ዲፒአይ ሲታተም ልክ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲሜትር ይሆናል። 400ው ደግሞ 3.39 ሴንቲሜትር። ቅጹን ቃል በቃል ያከበረ ዜጋ በስፋቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ የጎደለ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እናንተም በማስመሪያ ለክታችሁ ትመልሱታላችሁ። በሰው ላይ ወጥመድ ለመዘርጋት ካልሆነ በቀር ይህን ሆን ብሎ የሚያሰናዳ የለም፤ እናንተን ደግሞ እንዲህ ላለ ነገር አልጠረጥርም።

መውጫው ሁለት ነው። 3 በ4 ሴንቲሜትሩንና 300 ዲፒአዩን ከወደዳችሁ፣ ፒክስሉን 354 በ472 አድርጉት። ትንሽ ፍርፋሪ ይቀራል፤ ግን ከሦስት ሴንቲሜትር የሚያጎድለው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፣ መቀሴም ያንን ማየት አይችልም። ወይም ክብ ክቡን 300 በ400 መተው ካልሆነላችሁ፣ ዲፒአዩን 254 በሉት። ይህን ቁጥር ሳገኘው ለብቻዬ ሳቅሁ፤ 254 ዲፒአይ ማለት በሴንቲሜትር ልክ መቶ ፒክስል ማለት ነውና። ሦስት ሴንቲሜትር ሦስት መቶ፣ አራት ሴንቲሜትር አራት መቶ። የምትወዱት ክብ ቁጥር አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ 300ን ጨምራችሁበት አበላሻችሁት።

300 ራሱ እኮ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰው በእጁ የያዘውን ፎቶ ከሠላሳ ሴንቲሜትር ርቀት ሲያይ፣ ጤነኛ ዓይን ነጥቦቹን መለየት የሚያቅተው እዚያ አካባቢ ስለሆነ የተለመደ ነው። 254 ላይ የታተመን ጉርድ ፎቶ ከ300ው የሚለይ ሰው መስኮታችሁ ላይ ካለ፣ ዓይኑን ለሳይንስ ያበርክት።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። የመጀመሪያው መመለስ በኮምፒውተር ነበር። ፎቶው ሲጫን ሲስተማችሁ «72 ዲፒአይ ነው» ብሎ ተፋው። ፎቶው 300 በ400 ፒክስል ነበር፣ ጥርት ያለ፣ የዓይናቸው ሽፋሽፍት የሚቆጠር። 72ቱ ግን ፎቶው ውስጥ ያለ ነገር አይደለም፤ በፋይሉ ራስጌ ላይ የተጻፈች አንዲት መለያ ናት። ለአታሚው «ሲመችህ በዚህ ጥግግት ደርድረኝ» ትላለች እንጂ የፎቶውን ጥራት አትነካም። በሠርገኛ ጤፍ ጆንያ ላይ «ማኛ» ብሎ መጻፍ ጤፉን እንደማያነጣው ማለት ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ Image Size የሚለውን ከፈትኩ፣ Resample ከሚለው ሳጥን ምልክቱን አነሳሁ፣ 72ቱን ሰርዤ 300 ጻፍኩ። ከእናቲቱ ፊት አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አንዲት አልቀነስኩም። ሲስተሙ ተቀበለ። እኔም ሃምሳ ብር ተቀበልኩ፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

በዚያው ዕለት አንድ ወጣት በስልኩ የላኩለትን ፎቶ ይዞ መጣ። ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ፊቱ ያለበት ክፍል 150 በ200 ፒክስል ብቻ ይሆናል። በ3 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ 127 ዲፒአይ ነው። አይሆንም፣ ቁጭ በልና ላንሳህ አልኩት። ቸኩሎ ነበርና ሄዶ ሌላ ቦታ አሠራው። እዚያ Resample ምልክት እንደተደረገበት ሆኖ 300 በ400 አስገብተውለታል፤ ፕሮግራሙም የሌለውን ነጥብ ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ሞላው። ወጡ ውሃ ተጨምሮበት ለሃያ ሰው በቃ እንደማለት ነው። ፀጉሩ ከጀርባው ነጭ ጋር ተዋህዷል፣ ቅንድቡ በከሰል የተሳበ መስመር መስሏል። ሲስተማችሁ ፒክስሉን ቆጠረ፣ መለያዋን አነበበ፣ በደስታ ተቀበለ። ጥርት ያለው ፊት ተመልሶ የደበዘዘው ገባ ማለት ነው፤ ሲስተሙ የሚያነበው የጆንያውን ጽሑፍ እንጂ ጤፉን አይደለምና።

ለዲቪ ሲሞላ የኖረ ሁሉ የሚያውቀውን ላስታውሳችሁ። አሜሪካኖቹ ለዲቪ ሲጠይቁ የኖሩት በፒክስል ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200፣ ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። በወረቀት ሲፈልጉ ደግሞ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች ይላሉ። ለስክሪን በፒክስል፣ ለወረቀት በርዝመት። ዕጣው አይውጣልን እንጂ ትእዛዙስ አላጣላንም።

የእናቲቱ ሁለተኛ መመለስ በወረቀት ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ በሐቅ እናገራለሁ። ለወረቀቱ 354 በ472 አድርጌ ሠራሁና ስምንቱን በአንድ ባለ 10 በ15 የፎቶ ወረቀት ላይ ደረደርኩ። ያ ወረቀት ስሙ 10 በ15 ይባል እንጂ በትክክል 10.16 በ15.24 ሴንቲሜትር ነው፤ አራት በስድስት ኢንች። በ300 ዲፒአይ 1200 በ1800 ፒክስል ይሆናል። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። የማተሚያው ማሽን ግን ያለ ነጭ ጠርዝ እንዲያትም ታዞ ነበር። እንዲህ ሲታዘዝ፣ በጠርዙ ላይ ነጭ እንዳይቀር ምስሉን በጥቂቱ ለጥጦ ከወረቀቱ ውጭ ያፈስሰዋል። እያንዳንዱ ጉርድም አብሮ ተለጠጠ፤ 3 የነበረው 3.1 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለክታችሁ መለሳችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ።

ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ወረቀት ዳር ልክ አምስት ሴንቲሜትር የሆነች ቀጭን መስመር አትማለሁ። 591 ፒክስል ናት። ታትማ ስትወጣ እሷን እለካለሁ፤ 5.15 ካለች ማሽኑ ሦስት በመቶ ለጥጧል ማለት ነው፣ ጉርዶቹን ለመቁረጥም አልደክምም። ለጠርዙ የሰጠሁትን ትእዛዝ አንስቼ፣ Fit የሚለውን ትቼ፣ መጠኑን 100% አድርጌ እንደገና አትማለሁ። ሦስት ሴንቲሜትር የሚጠይቁ እናንተ፣ አምስት ሴንቲሜትር የምለካ እኔ። አጭር ነገር ላይ ስህተት ይደበቃልና።

ሦስተኛው መመለስ ነው ያቃተኝ። መስመሯ ልክ አምስት ወጥታለች፣ ጉርዱ ልክ ሦስት በአራት ተቆርጧል፣ እናቲቱ ግን «2.7 ነው» ተብለው ተመለሱ። ሱቄን ዘግቼ አስፋልቱን ተሻገርኩ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ወንድማችን ማስመሪያውን አንስቶ በአክብሮት አሳየኝ። የተማሪ ፕላስቲክ ማስመሪያ ነው። ዜሮው የሚጀምረው ከጠርዙ ሦስት ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው። እሱ ደግሞ የፎቶውን ጠርዝ ከዜሮው ጋር ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጫፍ ጋር ያገናኛል። በእንዲህ ያለ ልኬት ሦስት ሴንቲሜትር የሆነ ነገር ሁሉ ለዘላለም 2.7 ነው። «ወንድሜ፣ ከዜሮው ጀምር» አልኩት። ማስመሪያውን ገልብጦ አየው፣ ቆየ፣ ከዚያም «እኛ ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው» አለኝ።

ስለዚህ ለእናቲቱ አራተኛ ፎቶ 3.3 በ4.3 አድርጌ ሠራሁላቸው። 390 በ508 ፒክስል ነው፤ ለሌላ ሰው ቢያስፈልግ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበላችሁት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ከማዶ ያለው ጉርድ ፎቶ አንሺ

ግልባጭ፦
ለቅጹ አራተኛ ተራ
ለፕላስቲክ ማስመሪያው፣ ዜሮው ካለበት