ከሌሊቱ ነጋቲቭ ሁለት ሰዓት

ኮድ የሚማር ሰው ጠዋት ለራሱ የሚጽፈው መልእክት ብዙ ጊዜ «አይዞህ፣ ትችላለህ!» የሚል ነው። የኔም እንደዚያ ነበር። ችግሩ ጸሐፊውም አንባቢውም እኔው በመሆኔ ማንም ማንንም አለማመኑ ነው። ትናንት ማታ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሮ የተኛ ሰውዬ ዛሬ ተነስቶ «ትችላለህ» ሲለኝ እንዴት ብዬ ልመነው?

ሐምሌ 2016 ላይ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ወሬው ዝቋላም ደረሰ። እዚህ ጽጽቃ ኮድ የምጽፈው በስልኬ ነው፤ ፓይድሮይድ የሚባለውን መተግበሪያ ጭኜ። የሚያርመኝ ሰው አጠገቤ ስለሌለ መልእክቴን አሁን ማታ እጽፈውና ጠዋት አነበዋለሁ። ማበረታቻ የለበትም። አንዱ ይኸውና፦

«እንደምን አደርክ። የቆምከው ሰዓት በሚቀይረው ፕሮግራም ላይ ነው። ያየኸው ስህተት፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆን ሲገባው −2 ጻፈ። ዛሬ 0ን፣ 6ን፣ 18ንና 19ን አስገብተህ እይ። ሌላ ነገር አትንካ። ቪዲዮ አትክፈት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ግን ፀሐይ ከወጣች በኋላ መቁጠር እንጀምራለን። ስለዚህ ስልኩ 7 ሲል እኛ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። «6 መቀነስ ነው እንግዲህ!» ብሎ የጻፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ይሳካለታል፦ 7 ሲያስገባ 1፣ 13 ሲያስገባ 7፣ 18 ሲያስገባ 12 ያገኛል። ተኩራርቶ ራቱን ይበላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ግን ስልኩ 19 ስለሚል ፕሮግራሙ «13 ሰዓት» ይለዋል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከ4 6 ሲቀነስ −2 ይሆናል። ጎሕ ሲቀድ፣ ስልኩ 6 ሲል ደግሞ «ዜሮ ሰዓት» ይወጣል። እንዲህ ያለ ስህተት በቀን ብርሃን አይታይም፤ ለዚህ ነው መልእክቱ መሐሉን ትቶ ዳር ዳሩን ፈትን የሚለው።

እናቴ ከጎኔ ሆና «ስንት ሰዓት ነው?» ስትለኝ ስክሪኑን አይቼ «ነጋቲቭ ሁለት» አልኳት። «ልጄ፣ እንቅልፍ ቢያጥርህ ነው፤ ተኛ» አለች። ከተሰጡኝ የቴክኒክ ምክሮች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው ሲገኝ አንድ መስመር ነው፦

```python
def ሰዓታችን(ሰ):
    return (ሰ - 6) % 12 or 12
```

የ`%` ምልክት ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይሰጣል፤ 13 ወደ 1 ይመለሳል፣ −2ም 10 ይሆናል። (ይህ ቸርነት የፓይተን ነው፤ ጃቫስክሪፕት −2ን እንዳለ ይመልስልሃል።) ዜሮው ይቀራል፤ ፓይተን ዜሮን እንደ «የለም» ስለሚቆጥረው `or 12` ይተካውና ጠዋት 12 ሰዓት ይሆናል። ስሞቹንም ልብ በል፤ ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ያለ ማንገራገር ይቀበላል።

ሥርዓተ ነጥባችንን ግን አይቀበልም። በሚቀጥለው ቀን ያነበብኩት መልእክት ይህን ይላል፦

«እንደምን አደርክ። ፕሮግራሙ ጭራሽ አልነሣ ብሏል። የጻፈው ይህን ነው፦ `SyntaxError: invalid character '፡' (U+1361)`። የመጀመሪያውን መስመር መጨረሻ እይ።»

ባየው ባየው ሁለት ነጥብ አለ። ፓይተንም የሚፈልገው ሁለት ነጥብ ነው። ለካ የአማርኛውን ኪቦርድ ሳልቀይር የተጫንኩት የእኛን የቃል መለያ ኖሯል። ለዓይን መንታ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን በቁጥር የተለያዩ ባዳዎች። አንዱ U+1361 ነው፣ ሌላው U+003A። ደጉ ነገር ስህተቱ ቁጥሩን ራሱ መናገሩ ነው፤ U+13 ብሎ የሚጀምር ካየህ ኪቦርዱን ቀይርና ምልክቱን ደግመህ ጻፈው። ትናንት ማታ መልእክቱን ስጽፍ «ሁለት ነጥቡ እምቢ አለ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ጠዋቱ በከንቱ ባለቀ። የስህተቱን ጽሑፍ ፊደል ሳልቀንስ መገልበጤ ነው ያዳነኝ።

ሰዓቱ ተስተካከለ። የነገው መልእክት ከአሁኑ ተጽፏል፦

«እንደምን አደርክ። ወሩንም በእኛ አቆጣጠር ልጨምር ብለህ ጳጉሜ 1ን `date(2018, 13, 1)` ብለህ አስገባህ። መልሱ `ValueError: month must be in 1..12` ነው። ይህን `%` አያድነውም፤ ጳጉሜን በራስህ አስላ፤ 5 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ 6። ለእናትህ አትንገራት፤ 13ኛ ወር የለም ያለውን ማሽን ከቤት ታስወጣዋለች።»